«8 ሰዓት» በማን ሰዓት?

ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ። ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጠመንጃ ያዥ። ሁለት ክፍል ብቻ ባለው የአንድ ቡና ላኪ ቢሮ ውስጥ የኤክስፖርት ሥራውን የያዘችው ወጣት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አድርጋለታለች። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ሲያትል ውስጥ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ድርጅት ባልደረባ ነው። ሐበሻ ነው፤ አገሩን ከለቀቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

«በይ እንግዲህ፣ የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ በ8 ሰዓት እንገናኛለን» አላት።

«በኛ 8 ነው በእናንተ 8፣ ጋሼ?»

«ኧረ በእናንተማ ቢሆን እኔ እንቅልፍ ላይ ነኝ! በኔ ጠዋት 8።»

ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። በአዲስ አበባና በሲያትል መካከል በዚያ ሰሞን የ10 ሰዓት ልዩነት አለ። እሱ ጋ ጠዋት 8 ሲሆን እሷ ጋ ከምሽቱ 12 ይሆናል። ደብተሯ ላይ የተጻፈው ግን «በየአሥራ አምስት ቀኑ ረቡዕ፣ 11 ሰዓት» ይላል። ከመስከረም ጀምሮ ሲገናኙ የቆዩትም በ11 ሰዓት ነው። መስከረም 21ም፣ ጥቅምት 5ም በ11 ሰዓት ተሰብስበው ነበር።

«ጋሼ፣ የኛ ስብሰባ በ11 አልነበረም? በእርስዎ ጠዋት 1... ማለቴ 7 ሰዓት?»

«እኔ እንጃ፤ ስልኬ ላይ 8 ነው የሚለው።»

ሁለቱም አልተሳሳቱም። እንዲህ ያለው ነገር አድካሚ የሚሆነውም ሁለቱም ወገን ልክ ሲሆን ነው። አንደኛው ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቆ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ስብሰባውን ካላንደር ላይ የከፈተው ሦስተኛው ወገን ነው፤ ቡናውን የሚገዛው የሃምቡርግ አስመጪ። የሲያትሉ ድርጅት የዚህ አስመጪ ደንበኛ ነው። ጀርመኑ መስከረም ላይ ግብዣውን ሲልክ በራሱ ሰዓት 16:00 ብሎ ሞላው፤ በየሁለት ሳምንቱም እንዲደጋገም አዘዘው። ያኔ ጀርመን ገና በበጋ ሰዓቷ ላይ ስለነበረች በሃምቡርግና በአዲስ አበባ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሃምቡርግ 16:00 ማለት አዲስ አበባ 17:00፣ በኛ 11 ሰዓት፣ ሲያትል ደግሞ ጠዋት 7 ነበር።

አውሮፓውያን በየዓመቱ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። በ2025 ያ እሑድ ኦክቶበር 26 ዋለ፤ በኛ ጥቅምት 16። አሜሪካኖች የሚመልሱት በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሲሆን ይኸውም ኖቬምበር 2 ነበር፤ በኛ ጥቅምት 23። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትነካም። ስለዚህ ከጥቅምት 16 እስከ 23 ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ ጀርመን ተንቀሳቅሳለች፣ አሜሪካ አልተንቀሳቀሰችም፣ እኛ ደግሞ መቼም አንንቀሳቀስም። የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ፣ ጥቅምት 19፣ የሚውለው ልክ እዚህ መሐል ነው።

የካላንደሩ ግብዣ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከተማም ይዞ ይሄዳል። ፋይሉ ሲከፈት ከሚነበቡት መስመሮች አንዱ እንዲህ ያለ ነው፦

```
DTSTART;TZID=Europe/Berlin:20251029T160000
```

ይህ መስመር «በበርሊን ሰዓት አቆጣጠር፣ ኦክቶበር 29 ቀን 2025፣ 16:00» ይላል። የሲያትሉ ሰውዬ ስልክ ይህን አንብቦ በርሊን በዚያ ቀን ወደ ክረምት ሰዓቷ እንደተመለሰች፣ ሲያትል ደግሞ ገና እንዳልተመለሰች አሰላና 8 አለው። ልጅቷ ደብተር ላይ የጻፈችው 11 ግን መስከረም ላይ ትክክል የነበረ ቁጥር ነው፤ ከተማ ስላልያዘ ከጀርመን ጋር አብሮ መሄድ አልቻለም። በርሊንን ይዘው ሲሄዱ ጥቅምት 19 ስብሰባው አዲስ አበባ ላይ 18:00፣ ማለትም ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይሆናል።

ማረጋገጥ ሲባል መጀመሪያ የሚጣራው ይህ ነው፤ ቀጠሮው የተቸነከረው በየትኛው ከተማ ሰዓት ላይ ነው? የሚንቀሳቀስ ሰዓት ባለው ከተማ ላይ ከተቸነከረ የማይንቀሳቀሰው ወገን በዓመት ሁለት ጊዜ ይናጋል። በአዲስ አበባ 17:00 ላይ ቢቸነከር ኖሮ እኛ ሁልጊዜ 11 ሰዓት ላይ እንቀመጥ ነበር። ሃምቡርግ ግን ከጥቅምት 16 በኋላ 15:00 ላይ፣ ሲያትል ደግሞ ከጥቅምት 23 በኋላ ገና ጎህ ሳይቀድ ጠዋት 6 ላይ ይጠሩ ነበር። ለሁሉም የሚመች ምርጫ የለም። ክረምታቸው በገባ ቁጥር አንዱ ወገን ወይ ቀድሞ ይነሣል፣ ወይ አምሽቶ ይሠራል። ማን እንደሆነ አስቀድሞ መነጋገር ነው የሚሻለው፤ ካልሆነ አንዱ ወገን ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቀራል።

ጠመንጃ ያዥ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ማለት የታክሲው ሰልፍ የረዘመበት፣ የሕንጻው ጥበቃም በሩን መለስ ማድረግ የጀመረበት ሰዓት ነው። ሥራ አስኪያጁ ነገሩ ሲነገራቸው ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ታዲያ ወደ 11 እንዲመልሱልን አትጠይቂያቸውም?»

«መጠየቁንስ እችላለሁ ጋሼ። ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ስብሰባ ላይ የሲያትሉን ሰውዬ ሌሊት መቀስቀስ ይሆናል።»

«ተይው በቃ፣ እናመሻለን። የታክሲ ይታሰብላችኋል።»

እዚህ ላይ ወደ ሌላኛው ጣጣ ልመለስ፤ የኛው ወደሆነው። በኛ ቆጠራ ቀኑ ከንጋት ይጀምራል፣ በፈረንጆቹ ከእኩለ ሌሊት፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ልብ የማይባለው፣ 6 ሰዓት ሲጨመርበት አንድ የሥራ ሰዓት ሌላ የሥራ ሰዓት መሆኑ ነው። የኛ 3 ሰዓት ጠዋት 9:00 ነው፤ ፈረንጁ 3 የሚል ቁጥር ሲያይ ከሰዓት በኋላ 3 መስሎት አንዳች አይጠራጠርም፤ ደህና የስብሰባ ሰዓት ነውና። የኛ 9 ደግሞ ለእሱ ጠዋት 9 ይሆንለታል። 2 እና 8፣ 4 እና 10፣ 5 እና 11ም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ስሕተቱ ምክንያታዊ መስሎ ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ አንዱ ወገን ሊንኩን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል፤ ሌላው ገና ምሳ ላይ ነው።

ፈረንጅ ከሆነ ሰው ይልቅ አማርኛ የሚናገር የውጭ አገር አጋር ያሠጋል። ፈረንጁ የሚጽፈው በራሱ አቆጣጠር እንደሆነ ጥርጥር የለውም። አሜሪካ ብዙ የኖረ ሐበሻ ግን «በ8 ሰዓት» ሲል ቃሉ አማርኛ፣ ሰዓቱ አሜሪካ ነው። አዲስ አበባ ወዳሉ ዘመዶቹ ሲደውል ወደ ሐበሻው ሊመለስ ይችላል፤ ስለ ሥራ ሲያወራ ደግሞ ወደ ፈረንጁ። የትኛው ላይ እንዳለ ከድምፁ አይታወቅም። ልጅቷ «በኛ ነው በእናንተ» ብላ ባትጠይቅ ኖሮ የሲያትሉን 8 ከቀኑ 8 ሰዓት ብላ በያዘችው ነበር። በሲያትል ያ ገና ከሌሊቱ 4፡00 ነው፤ በሐበሻ ቋንቋ ከሌሊቱ 10።

መፍትሔው ያለው ራሱ ቁጥሩ ውስጥ ነው። በኛ ቆጠራ ሰዓት ከ12 አያልፍም። ስለዚህ 13 እና ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር የሐበሻ ሰዓት ሊሆን አይችልም። 18:00 ተብሎ የተጻፈን ቀጠሮ ማንም በኛ አቆጣጠር አያነበውም። 09:00 ግን ዜሮ ቢቀድመውም ያው ሁለት ትርጉም አለው፤ «ጠዋት» የሚል ቃል ካልተጨመረበት አይድንም። ቢሮው ከዚህ የተነሣ አንድ ልማድ አበጅቷል። ከውጭ ሰው ጋር የሚያዝ ቀጠሮ ከተቻለ ከአዲስ አበባ 13:00 በኋላ ይያዛል፤ በጽሑፍ ሲሆን ባለ 24 ሰዓቱ አጻጻፍ ብቻ ይሠራበታል። ወደ ማታው ያለው ክፍል ለአውሮፓም ለአሜሪካም የሚመች መሆኑ ደግሞ ምርቃት ነው።

የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ሌላ የሚያስቅም የሚያናድድም ነገር አለ። በአውትሉክ የሰዓት ክልል ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የሚል ስም የለም። የኛ ሰዓት የሚገኘው እንዲህ ተብሎ ነው፦

```
(UTC+03:00) Nairobi
```

አዲስ አበባን ፈልጎ ያጣ ሰው ቅርብ የመሰለውን ይነካል። ካይሮን የነካ ሰው ደግሞ ወራት ሙሉ ምንም ሳይታወቀው ይቆያል። ግብፅ ከ2023 ጀምሮ ሰዓት ማዞሩን ስለመለሰችው በበጋቸው ካይሮና አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ላይ ናቸው። ኦክቶበር ሲያልቅ ካይሮ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ያኔ የዚያ ሰው ቀጠሮዎች በሙሉ በአንድ ሰዓት ይዛባሉ። እሱም ጥፋቱን የሚያሳብበው በኔትወርኩ ላይ ነው።

የኛ ሰዓት ሁልጊዜ ከግሪንዊች ክብ በሆነ 3 ሰዓት አይቀድምም ነበር። ኮምፒውተሮች የሚገለገሉበት የዓለም የሰዓት ክልሎች መዝገብ እንደሚለው አዲስ አበባ ቀድሞ የምትከተለው 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነበር። ወደ 3 ሰዓት የተለወጠችበት ቀን ተብሎ የተመዘገበውም ሜይ 5 ቀን 1936 ነው፤ በኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት። ዛሬ ስልካችን በራሱ የሚያሰላልን ልዩነት ያን ታሪክ ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

ወደ ጉዳያችን። ሰዓቱ ሲጠራ ቀኑ ይቀራል። ጥቅምት 19 እና ኦክቶበር 19 አንድ አይደሉም፤ በዚህ ወር መካከላቸው 10 ቀን አለ። ችግሩ «ጥቅምት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ኦክቶበር» የሚል እጅ ሞልቷል፤ ቀኑን ሳይቀይር ወሩን ብቻ ይቀይራል። ይህን የሚያጋልጠው የሳምንቱ ቀን ነው። ኦክቶበር 29 ቀን 2025 ረቡዕ ነው፣ ኦክቶበር 19 ደግሞ እሑድ። «ረቡዕ ኦክቶበር 19» ተብሎ ቢጻፍ ተቀባዩ ካላንደሩን እንዳየ «ይሄ ቀን እሑድ አይደለም ወይ?» ብሎ ይመልሳል። የቀኑ ስም ካልተጻፈ ግን ዝም ብሎ ይመዘግበዋል። ስለዚህ ከዚህ ቢሮ የሚወጣ የቀጠሮ ደብዳቤ ሁሉ የሳምንቱን ቀን ይጠራል፤ ወሩም በቃል እንጂ በቁጥር አይጻፍም። አሜሪካኑ ወሩን ሲያስቀድም ጀርመኑ ቀኑን ስለሚያስቀድም ኖቬምበር 10 በቁጥር ሲጻፍ ለአንዱ ኦክቶበር 11 ይሆንበታል።

ልጅቷ በማግስቱ ለሁለቱም ወገን የላከችው ማረጋገጫ በአማርኛ ቢጻፍ እንዲህ ነበር፦

«ረቡዕ ኦክቶበር 29 ቀን 2025። ሃምቡርግ 16:00፣ አዲስ አበባ 18:00፣ ሲያትል ጠዋት 08:00። ለ45 ደቂቃ። አውሮፓ በዚህ ሳምንት እሑድ ሰዓት ስለምትቀይር ለአዲስ አበባና ለሲያትል ከለመድነው አንድ ሰዓት ይዘገያል። እባካችሁ በከተማችሁ ስንት ሰዓት እንደሆነ ራሳችሁ ጽፋችሁ መልሱልኝ።»

ጉዳዩ ያለው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «እሺ»፣ «ደርሶኛል»፣ ወይም የአውራ ጣት ምልክት ማረጋገጫ አይደለም፤ ሰውዬው ደብዳቤውን አይቷል ከማለት ያለፈ አይናገርም። ሰዓቱን በራሱ እጅ መልሶ ሲጽፍ ግን ካላንደሩን ከፍቶ ማየት ግድ ይሆንበታል። ሃምቡርግ በሁለት ሰዓት ውስጥ «16:00፣ ትክክል» ብሎ መለሰ። የሲያትሉ ሰውዬ ማታውን ጻፈ፤ «ጠዋት 8፣ ረቡዕ። አንቺ ባትነግሪኝ በ7 ተነሥቼ ነበር፤ ልማዴ ነው» የሚል መልእክት በቴሌግራም ደረሳት። ካላንደሩ 8 እያለው እንኳ እግሩ የሚነሣው በለመደው ሰዓት ነበር ማለት ነው።

የደብዳቤው ሁለተኛ ክፍል አጀንዳው ነው። ብዙ ሰው አጀንዳን ከሰዓት የተለየ ነገር አድርጎ ይይዘዋል፤ በቡና ንግድ ግን አንዱ አንዱን ይወስነዋል። ለጥቅምት 19 ሦስት ጉዳዮች ተይዘው ነበር፦ ካለፈው ምርት የቀረው የመጨረሻ ኮንቴይነር የቅድመ ጭነት ናሙና ውጤት፣ ያው ኮንቴይነር ከጅቡቲ የሚጫንበት ጊዜ፣ ከዚያም የአዲሱ ምርት መጠንና ዋጋ።

ሦስተኛውን እንይ። የዓረቢካ ቡና ዋጋ የሚነበበው ከኒውዮርክ ገበያ ነው፤ ላኪውና ገዥው ሲደራደሩ ዐይናቸው እዚያ ላይ ነው። ያ ገበያ የሚከፈተው በኒውዮርክ ሰዓት ከጠዋቱ 4:15 ሲሆን የሚዘጋው ከሰዓት በኋላ 1:30 ላይ ነው። በጥቅምት 19 ይህ በአዲስ አበባ ከቀኑ 5 ሰዓት ከሩብ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ አሜሪካ ሰዓት ከቀየረች በኋላ ደግሞ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ላይ «ለምን ጠዋት በ4 ሰዓት ከጀርመኑ ጋር ብቻችንን አንጨርሰውም?» ብለው ነበር። ጠዋት በ4 ሰዓት ገበያው ዝግ ነው። ትናንት በተዘጋበት ዋጋ ላይ ተነጋግሮ የተስማማ ሰው፣ ገበያው ከዚያ በኋላ ተከፍቶ ሲንቀሳቀስ ቃሉን የሚያጥፍበት ምክንያት ያገኛል። በምሽቱ 12 ላይ ግን ገበያው ክፍት ነው፤ ሦስቱም ወገን ያንኑ ቁጥር እያየ ይናገራል። ሥራ አስኪያጁ ማምሸቱን ከልባቸው የተቀበሉት ይህ ሲነገራቸው ነው።

አንደኛው ጉዳይ የባሰ ነበር። ኮንቴይነሩ 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ኬሻዎች፣ በድምሩ 19.2 ቶን ቡና ይይዛል። ከመጫኑ በፊት ናሙና ለሃምቡርግና ለሲያትል በአየር ተልኳል። ሁለቱም ቀምሰው ካላጸደቁት ኮንቴይነሩ አይንቀሳቀስም። ልጅቷ ከአጀንዳው ሥር ሁለት ጥያቄ አከለች፤ «ናሙናው እጃችሁ ገብቷል ወይ? መቼ ትቆሉታላችሁ?»

የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር የቅምሻ ሥርዓት እንደሚያዘው ናሙናው ከቅምሻው በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ መቆላት አለበት፤ ከተቆላ በኋላም ቢያንስ 8 ሰዓት ማረፍ ይኖርበታል። ስለዚህ «ደርሶናል» ማለትና «ቀምሰናል» ማለት መካከል ቢያንስ አንድ ሌሊት አለ። ሃምቡርግ ናሙናውን ሰኞ እንደተረከበና ማክሰኞ እንደሚቆላው መለሰ፤ ረቡዕ ከሰዓት በፊት ይቀመሳል፤ በ16:00 ውጤት ይኖረዋል ማለት ነው። የሲያትሉ ሰውዬ ግን ሰኞ ማታ የላከው መልስ ሌላ ነበር፤ ናሙናው ገና መንገድ ላይ ነው፤ የአመላላሹ ድርጅት ገጽ ረቡዕ እንደሚደርስ ያሳያል። የሱ ስብሰባ የሚጀመረው ረቡዕ ጠዋት 8 ላይ ነው። ዕቃው ገና ሳይመጣ ስለ ጣዕሙ ምን ሊል ነው?

አጀንዳን አስቀድሞ ማረጋገጥ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ይህ ጥያቄ ባይላክ ኖሮ ሦስት ሰዎች በሦስት ከተማ ተሰብስበው ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ባልደረሰ ናሙና ዙሪያ ይነጋገሩ ነበር። የመጫኛው ጊዜም በናሙናው ላይ ስለሚንጠለጠል ሁለተኛው ጉዳይም አብሮ ይወድቃል። ልጅቷ ማክሰኞ ጠዋት አጀንዳውን ገለበጠችው። የአዲሱ ምርት ዋጋ አንደኛ ሆነ፤ ገበያው ክፍት ነው፣ ሁሉም ወገን ዝግጁ ነው። የናሙናው ጉዳይ የሃምቡርግን ውጤት ብቻ ለመስማት ወደ አሥር ደቂቃ ተቆረጠ። የሲያትል ውጤት ደግሞ በጽሑፍ እንዲመጣ ተባለ።

«መቼ ድረስ?» ሲል ሃምቡርግ ጠየቀ። ልጅቷ «እስከ ዓርብ» አለች። ምክንያታዊ ይመስላል፤ ሲያትል ረቡዕ ተረክቦ ሐሙስ ቢቆላ ዓርብ ይቀምሳል። ጀርመኑ ግን ዓርብ አይሆንም አለ። ኦክቶበር 31 በሃምቡርግ የተሐድሶ ቀን ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ በዚያ ግዛት የሥራ መዝጊያ በዓል ሆኗል። በመላው ጀርመን አይደለም፤ በርሊን ያለ ሰው በዚያ ቀን ቢሮው ይገባል። የአገሪቱን የበዓል ዝርዝር ብቻ ያየ ሰው ይህን አያገኘውም፤ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ስለዚህ የሲያትል ውጤት ዓርብ ይላክ፣ የሃምቡርግ የመጨረሻ መልስ ግን ሰኞ ኖቬምበር 3 ይሁን ተባለ።

እኛስ? ልጅቷ በዚያው መልእክት ላይ የራሷን ጨመረች። በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚደጋገመውን ረቡዕ እየቆጠረች ስትሄድ ሁለት ቀን አገኘች። አንዱ ዲሴምበር 24 ነው፤ የጀርመኖቹ የገና ዋዜማ። ቀጣዩ ረቡዕ ጃንዋሪ 7፣ ታኅሣሥ 29፣ የኛው ገና ነው። ካላንደሩ ሁለቱንም ያለ ሐሳብ አስቀምጧቸዋል። አንዱን ብቻ ቢሰርዙት አንድ ወገን ብቻ የተከበረ ይመስላልና ሁለቱም እንዲሰረዙ ጻፈች። ሃምቡርግ በደቂቃዎች ውስጥ ተስማማ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር በጥቅምት መናገር ቀላል ነው፤ በታኅሣሥ 28 ማታ መናገር ግን ከባድ ነው።

ረቡዕ ደረሰ። ከስብሰባው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መብራቱ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። ልጅቷ ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ መሆኑን አየች፤ በስልኳ ላይ የሞባይል ዳታ ሞላች፤ ለሁለቱም አጋሮች አጭር መልእክት ሰደደች፤ «መስመሩ ቢቋረጥ አሥር ደቂቃ ጠብቁኝ፤ ካልተመለስኩ በዋትስአፕ በዚህ ቁጥር ደውሉ።» ይህም የማረጋገጫው አካል ነው። የተቋረጠ ሰው ሲጠበቅ ምን ያህል እንደሚጠበቅ ካልተባለ አንዱ በሁለት ደቂቃ ይወጣል፣ ሌላው ለግማሽ ሰዓት ይቀመጣል።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሦስቱም ገቡ። ሲያትል ላይ ገና ቡናው አልተፈላም መሰል፣ ሰውዬው ድምፁ ከእንቅልፍ አልወጣም። የዋጋው ጉዳይ ከተመደበለት ጊዜ አለፈ፤ ዋጋ ሁሌም ያልፋል። ሃምቡርግ ናሙናውን በጠዋቱ እንደቀመሰና እንደተቀበለው ተናገረ። በ12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ተለያዩ፤ ከታቀደው አምስት ደቂቃ ዘግይተው።

ከመዝጋታቸው በፊት የቀጣዩ ቀጠሮ ሰዓት ተነሣ። ኖቬምበር 12፣ ኅዳር 3 ላይ አሜሪካም ሰዓቷን ቀይራለች። ሃምቡርግ 16:00 ላይ ይቆያል፣ አዲስ አበባ 18:00 ላይ ይቆያል፣ ሲያትል ብቻ ወደ ጠዋት 7 ይመለሳል።

«አሁን ደግሞ የሚቀየረው የኔ ሰዓት ነው?» አለ ሰውዬው።

«አዎ ጋሼ። ከዚያ እስከ መጋቢት አንነካካም።»

መጋቢት ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። አሜሪካ የምትቀድመው የካቲት 29፣ በነሱ ማርች 8 ነው፤ አውሮፓ የምትከተላት ከሦስት ሳምንት በኋላ መጋቢት 20፣ ማርች 29 ነው። በዚያ መሐል የሚውለው መጋቢት 9 ቀን ስብሰባ ሲያትል ላይ ጠዋት 8 ይሆናል፤ መጋቢት 23 ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ወደ 11 ሰዓት፣ ሲያትል ወደ 7 ይመለሳሉ። ልጅቷ ሁለቱንም ቀኖች ካላንደሩ ላይ ከፍታ «ከሳምንት በፊት ሰዓቱን ጽፈው እንዲመልሱ ጠይቂ» የሚል ማስታወሻ አስቀመጠችባቸውና ላፕቶፑን ዘጋች።